እርቁ ቅዳሜ፣ ጠቡ ማክሰኞ፦ የፊልም ቀረጻ ፕሮግራም እንዴት ይወጣል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ፊልም ሲቀረጽ ቆሞ ያየ ሰው ግር የሚለው ነገር አለ። እሑድ ጠዋት አንዲት እናት ከሕንፃው ሥር ካለው ሱቅ ዳቦ ስትገዛና ከባለ ሱቁ ጋር እንደ ቆየ ጎረቤት ስትጫወት ትቀረጻለች። ሰኞ ረፋድ ላይ ደግሞ ያችው እናት ሻንጣዋን ይዛ ከሚኒባስ ትወርድና ሰፈሩን የማታውቅ ሰው ሆና ዙሪያዋን ትቃኛለች። ሕፃናቱ «ትናንት እኮ እዚሁ ነበረች!» ይላሉ። ትልልቆቹም አዘጋጆቹ የተዘበራረቀባቸው ይመስላቸዋል።

አልተዘበራረቀባቸውም። ፊልም ታሪኩ በሚነገርበት ቅደም ተከተል የሚቀረጸው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ ረዳት ዳይሬክተሩ ሲሆን፣ የሚያየውም ሦስት ነገር ነው፤ ቦታ፣ ብርሃንና ተዋናዩ የሚገኝበት ቀን። ሦስቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። እንዴት እንደሚታረቁ ለማሳየት ለምሳሌ ያዘጋጀሁትን አንድ አጭር ታሪክ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልሂድበት።

ታሪኩ ምንድን ነው?

እማማ ዘነበች ሱሉልታ ባለው የጭቃ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጃቸው ሔኖክ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤቱ ይወስዳቸዋል። እሳቸው ግን ከልጅ ልጃቸው ከሶስና በቀር የሚያጫውታቸው ሰው ያጣሉ። ከሔኖክ ጋር ይጣላሉ፤ አንድ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው ታክሲ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ። በመጨረሻ ሦስቱም ወደ ሱሉልታ ይመለሳሉ፣ እርቁም እዚያ እሳት ዳር ይሆናል። ስክሪፕቱ 15 ትዕይንት አለው፣ ሃያ ገጽ ተኩል ነው።

የሥራው መጀመሪያ እያንዳንዱን ትዕይንት ለብቻው በቀጭን ወረቀት ላይ ማውጣት ነው። ወረቀቱ ላይ የትዕይንቱ ቁጥር፣ ቦታው፣ ቤት ውስጥ ወይም ውጭ መሆኑ፣ ቀን፣ ሌሊት፣ ንጋት ወይም ማምሻ መሆኑ፣ የሚታዩት ሰዎችና ርዝመቱ ይጻፋል። ርዝመት የሚለካው ገጹን ለስምንት በመክፈል ነው፤ ግማሽ ገጽ የሆነ ትዕይንት «አራት ስምንተኛ» ይባላል። በተለመደው አሠራር ወረቀቱ ቀለምም አለው፤ ቤት ውስጥ ቀን ነጭ፣ ውጭ ቀን ቢጫ፣ ቤት ውስጥ ሌሊት ሰማያዊ፣ ውጭ ሌሊት አረንጓዴ ነው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ማንሳትና ማቀያየር ይቻላል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራሞቹም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። እኔ በበኩሌ ለአጭር ፊልም አሁንም ወረቀቱን እመርጣለሁ፤ ዳይሬክተሩ፣ ካሜራማኑና ፕሮዲውሰሩ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው እያነሱ እየጣሉ ሊከራከሩበት ይችላሉ።

በስክሪፕቱ ቅደም ተከተል ቢቀረጽ ምን ይሆናል?

ከትዕይንት 1 እስከ 3 ሱሉልታ ነው። ከ4 እስከ 8 ቱሉ ዲምቱ። ትዕይንት 9 ላይ እማማ ዘነበች በስልክ የሚያገኟት ጎረቤታቸው ስለምትታይ እንደገና ሱሉልታ። ከ10 እስከ 12 ቱሉ ዲምቱ፣ ከ13 እስከ 15 ሱሉልታ። እንዲህ ከሆነ ቡድኑ ከከተማው ሰሜን ጫፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ አራት ጊዜ ይመላለሳል። ካሜራና መብራት መጫን፣ እንጦጦን ወርዶ መላውን አዲስ አበባ ማቋረጥ፣ ማራገፍና እንደገና መትከል ሲደመር አንዱ ጉዞ ግማሽ የሥራ ቀን ይበላል። ለአራት ጉዞ ሁለት ሙሉ ቀን ካለ ምንም ቀረጻ ይሄዳል ማለት ነው፤ ያኔም የሚኒባሱ፣ የጄኔሬተሩና የባለሙያው ክፍያ አይቋረጥም።

የሱሉልታው ሁሉ ባንድ ላይ፣ የቱሉ ዲምቱውም ባንድ ላይ ቢሰበሰብ ከተማውን የምናቋርጠው አንዴ ብቻ ነው። ይህን ማንም ቶሎ ያየዋል። ችግሩ የሚጀምረው ተዋናዮቹና ፀሐይ ሲገቡበት ነው።

ከሦስቱ የቱ ይቀድማል?

ብዙ ጀማሪ «ቦታ ይቀድማል» ብሎ ይነሣና ሁሉን ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ ዋናዋ ተዋናይ በዚያ ቀን እንደማትገኝ ይሰማል። የእኔ አካሄድ ሦስቱን በሦስት የተለያየ ጥያቄ ማየት ነው። ተዋናዩ «በየትኛው ዕለት?» የሚለውን ይመልሳል። ቦታ «የትኞቹ ዕለታት ጎን ለጎን ይሁኑ?» የሚለውን ይመልሳል። ብርሃን ደግሞ «በዕለቱ ውስጥ በስንት ሰዓት?» ለሚለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰዎቹ የማይነቃነቁ ቀናት ካላንደሩ ላይ ይሰፍራሉ፣ ቀጥሎ ቦታዎቹ በዚያ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፣ በመጨረሻ እያንዳንዱ ቀን በፀሐይ ይከፋፈላል።

ጎጆ እንደ መሥራት ነው። ምሰሶው ሳይተከል ማገር አይታሰርም። ምሰሶዎቹ የሰዎቹ ቀናት ናቸው።

በእኛ ታሪክ ሁለት ምሰሶ አለ። እማማ ዘነበችን የምትጫወተው ተዋናይ እሑድ ከሰዓት በኋላ የመድረክ ቴአትር አላት፤ እሑድ ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል በኋላ እሷን መያዝ አይቻልም። ሶስናን የምትጫወተው ልጅ ተማሪ ናት፤ በፈረቃ የምትማረው ጠዋት ስለሆነ በሥራ ቀን የምትገኘው ከ7 ሰዓት ተኩል ወዲህ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ነፃ ናት። ሔኖክ በሁሉም ቀን ይገኛል። ጎረቤቷና ባለ ሱቁ በቀን የሚከፈላቸው ስለሆኑ እያንዳንዳቸው አንድ ቀን ብቻ ቢመጡ ይመረጣል።

ሱሉልታ ለምን ዓርብና ቅዳሜ ሆነ?

ሶስና ሱሉልታ ውስጥ የምትታየው በሁለት ትዕይንት ነው፤ ማምሻ ላይ ግቢው ሲደርሱ (13) እና ሌሊት እሳት ዳር (14)። ማምሻ ደግሞ የትም አይገፋም። በሥራ ቀን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ከተማውን አቋርጦ ማድረስ አያስተማምንም። እሑድ ማምሻ እናትየዋ ቴአትር ላይ ናት። የቀረው ቅዳሜ ብቻ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ የሱሉልታ ቀን ሆነ፤ ሌላው የሱሉልታ ቀን ወይ ከፊቱ ወይ ከኋላው መሆን አለበት። ከኋላው እሑድ ስለሆነ ዓርብ ተመረጠ።

ዓርብን የሚደግፍ ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቤቱ ሁኔታ ነው። ትዕይንት 2 ላይ ቤቱ በዕቃ የተሞላ ነው። ትዕይንት 3 ላይ ዕቃው ተጭኖ ይወጣል። ትዕይንት 14 ላይ ተመልሰው ሲገቡ ቤቱ ባዶ ነው፣ ዕቃው ገና እንደታሰረ ጥግ ላይ ተከምሯል። ሙሉውን ቤት ዓርብ፣ ባዶውን ቅዳሜ ከቀረጽን ዕቃው አንዴ ይወጣል፣ በቃ። ገልብጠን ብንሠራው ግን ቤቱን አፍርሰን እንደገና ስንደረድር ሰዓታት ከማለቃቸውም በላይ የጀበናው ቦታና የግድግዳው ሥዕል ማዘንበል እንኳን ከበፊቱ ይለያል፤ ተመልካች ይህን ያያል። ስለዚህ በአንድ ቦታ ውስጥ ስንደረድር ከስክሪፕቱ ቁጥር ይልቅ ቤቱ የሚለወጥበትን አቅጣጫ እንከተላለን።

ጎረቤቷ በትዕይንት 3 እና በስልኩ ትዕይንት 9 ትታያለች። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ስልኩን የምታነሳው ንጋት ላይ ግቢዋ ውስጥ ነው ይል ነበር። ይህ ከሆነ የዓርብን ንጋት ከትዕይንት 1 ጋር ትሻማለች። ደራሲውን «ማድቤት ውስጥ ብትሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ጨለም ያለ ማድቤት ውስጥ ንጋትም ቀትርም አንድ ነው። ታሪኩ ምንም አይጎድልበትም፣ ተዋናይዋ ግን ያንድ ቀን ብቻ ሆነች። ስልክ ሲደወል የሚናገሩት ሁለት ሰዎች በተለያየ ቀን ስለሚቀረጹ እማማ ዘነበች ዓርብ ከካሜራው ጀርባ ቆመው ቃላቸውን ያነቡላታል፤ የእሳቸው ፊት የሚቀረጸው ሰኞ ነው።

ማምሻ ስንት ደቂቃ ነው?

ከውጭ የመጡ የቀረጻ መመሪያዎች ስለ «ወርቃማው ሰዓት» ሲያወሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለን ያስመስላሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ይህ አይሠራም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ነን፣ ፀሐይም እዚህ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። በሰሜን አውሮፓ ግን እያዘነበለች በዝግታ ስለምትወርድ ዝቅተኛው ብርሃን ይረዝማል። እኛ ጋ ዝቅ ብላ ፊትን በወርቅ የምታለብሰው ከመጥለቋ በፊት ባሉት 25 ደቂቃዎች ገደማ ነው። ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት ሰው የሚለይበት ውጋገን ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ይቆያል።

ቀረጻው ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው እንበል። ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ገጽ የሆነው የትዕይንት 13 ሰፊ ሥዕል ከ11 ሰዓት ከ40 እስከ 12 ሰዓት ከ5 ማለቅ አለበት። ይህ የሚቻለው ካሜራው የሚቆምበት ቦታ አስቀድሞ ከተወሰነ፣ ልምምዱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ካለቀና መጀመሪያ ሰፊው ሥዕል፣ ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ደግሞ የቅርቡ ፊት ከተቀረጸ ነው። ቅርቡን ፊት በትንሽ መብራት ማዳን ይቻላል፣ ሰማዩን ግን አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የስልኩ መተግበሪያ 12 ሰዓት ከ5 ቢልም ግቢው በስተምዕራብ ተራራ ወይም የባሕር ዛፍ ረድፍ ካለው ፀሐይ ቀድማ ትሄዳለች። ስለዚህ ቦታ ለማየት ስንሄድ ቀትር ላይ ደርሶ መመለስ ዋጋ የለውም፤ ከ11 ሰዓት እስኪጨልም ቁጭ ብሎ ጥላው አጥሩን የሚነካበትን ደቂቃ መጻፍ ያስፈልጋል።

ንጋቱም እንዲሁ አጭር ነው። ሁለት የንጋት ትዕይንት አለ፤ ሔኖክ ሲመጣ (1) እና ሲሰናበት (15)። ሁለቱን ባንድ ንጋት ለመጨረስ መሞከር ሁለቱንም ማበላሸት ነው፤ አንዱ ዓርብ፣ አንዱ ቅዳሜ ይሁን። የሱሉልታ የኅዳር ጠዋት ብርዱ እውነተኛ ነው፣ ትንፋሽ ሲጨስ ይታያል፤ ይህ በማምሻ ብርሃን ተመስሎ የሚገኝ አይደለም።

ታዲያ ዓርብ ንጋት ላይ ትዕይንት 1፣ ከዚያ ቤት ውስጥ ረጅሙ ትዕይንት 2፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ዕቃ መጫኑ 3፣ መጨረሻ ላይ ማድቤቱ 9 ይሆናል። ትዕይንት 3 ወደ ከሰዓት የተገፋው ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ሆና ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ስለምትጥል ነው፤ ጎረቤቷም ግማሽ ቀን ብቻ እንድትመጣ ያደርጋል።

ቅዳሜ ከባዱ ቀን ነው፣ ንጋትም ማምሻም ይዟልና። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የሚሠራ ቡድን ማምሻው ላይ ይዝላል፤ ፊልሙ ያለው ግን እዚያ ማምሻ ላይ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ዓርብ እዚያው ያድራል፣ ቅዳሜም ትዕይንት 15 ካለቀ በኋላ እስከ 5 ሰዓት ሰው ሁሉ ያርፋል። ከ5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል የእሳት ዳሩ ትዕይንት 14 መስኮትና በሩ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ በቀን ይቀረጻል፤ ልጅቷ ሌሊት እንዳትቆይ። ጨርቁ ብርሃኑን ሲዘጋ የምድጃውን ጭስም ስለሚዘጋው በየቀረጻው መሀል ገልጦ ማናፈስ ግዴታ ነው። ልጅ አለችበት።

እሑድ ለምን ሁለት ገጽ ብቻ?

ቅዳሜ ማታ ዕቃ ተጭኖ፣ ከተማው ተቋርጦ፣ ሰው ቤቱ የሚገባው 4 ሰዓት ላይ ነው። በሥራ ማብቂያና በቀጣዩ መጀመሪያ መሀል ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ከፈለግን እሑድ የሚጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። እናትየዋ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ትሄዳለች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው ያለን፤ መብራትና ድምፅ ተስተካክሎ የሱቁን ትዕይንት (10) ብቻ በደንብ ይችላል። ሱቁ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ስለሆነ የጠዋቱ ፀሐይ በቀጥታ ይገባለታል፤ ባለ ሱቁም ሥራው በዚች ጠዋት ያልቃል።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የቅዳሴ ድምፅ ማጉያ ሊኖር ይችላል። ይህን ቀድሞ ማወቅ የድምፅ ባለሙያው ሥራ ነው፤ አንድ እሑድ አስቀድሞ ሄዶ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ያዳምጣል። አስቸጋሪ ከሆነ ንግግር የሌለው መጀመሪያ፣ ንግግሩ በኋላ ይቀረጻል።

ንጋትን በማምሻ፣ ሌሊትን በቀን መቅረጽ ማታለል አይደለም?

ሰኞ አምስት ገጽ ተኩል አለው። ታክሲ ማቆሚያው ላይ የመምጣታቸው ትዕይንት (4) ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቀረጻል፤ የጠዋቱ ሰልፍ ያኔ ቀንሷል። ሶስና ከትምህርት ቤት ስትደርስ ሳሎኑ (6)፣ ቀጥሎ ደረጃው (5) ይሠራል። ሳሎኑ የቀደመው የመስኮቱ ብርሃን ቶሎ ስለሚወርድ ነው፤ ደረጃው ትንሽ ቢደበዝዝም ያምርበታል። ከዚያ ጨለማ እስኪመጣ ለትዕይንት 7 መጠበቅ ነው፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው በረንዳ ላይ በንጋት የሚደወለው ስልክ (8) የሚገባው።

ስክሪፕቱ ንጋት ይላል፣ እኛ የምንቀርጸው ማምሻ ላይ ነው። ከአድማስ ሥር ያለች ፀሐይ የምትሰጠው ለስላሳ ብርሃን በሁለቱም ጊዜ ይመሳሰላል። በእውነተኛው ንጋት ብንቀርጸው ሰኞ የ14 ሰዓት ቀን ይሆን ነበር። የሚያጋልጠን በዙሪያው ያለው ነው፤ ማምሻ ላይ በየመስኮቱ መብራት ይበራል፣ ሰው ከሥራ ይመለሳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ስለዚህ ካሜራው ወደ ፊታቸውና ወደ ሰማዩ ጠበብ ብሎ ይይዛል፣ ድምፁም ሌላ ቀን ንጋት ላይ ለብቻው ተቀድቶ ይተካል። ሰፊ ሥዕል የሚፈልግ ዳይሬክተር ከሆነ ይህ መላ አይሠራለትም፤ እውነተኛውን ንጋት መክፈል አለበት።

ማክሰኞ ሥራው የሚጀመረው 6 ሰዓት ላይ ነው። ጠቡ (11) ሦስት ገጽ ሌሊት ነው፣ መስኮቱ ተሸፍኖ ከ7 እስከ 12 ሰዓት ይቀረጻል። ታክሲ ማቆሚያው (12) ከምሽቱ 11 እስከ 1 ሰዓት በሰልፈኛ የታጨቀ ስለሆነ ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰልፉ ሲሳሳ ይጀመራል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ጄኔሬተሩ ይመጣል፤ ድምፁ ንግግሩ ውስጥ እንዳይገባ ከሕንፃው ጀርባ ይቆማል፣ ረጅም ገመድም ያስፈልጋል።

ተዋናዮቹ ጠቡን ሳይጫወቱ እርቁን እንዴት ይጫወታሉ?

የዚህ ድርደራ እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው። እርቁ ቅዳሜ ተቀርጾ ጠቡ ማክሰኞ ከመጣ፣ እናትና ልጅ የሚታረቁት ገና ያልተባባሉትን ነገር ነው። ማክሰኞ ላይ ጠቡ ከታሰበው በላይ ከጋለ ደግሞ የቅዳሜው እርቅ ቀሎ ይታያል። ወደ ኋላ ተመልሶ መድገም አይቻልም።

በእኔ እምነት ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ቀረጻው ሳይጀመር ትዕይንት 11 ከሁሉ በፊት ተለማምዶ የጩኸቱ ልክ ይወሰን፤ ልምምዱ በስልክ ይቀረጽና ቅዳሜ ከትዕይንት 14 በፊት ሁለቱ ተዋናዮች ይዩት። ሁለተኛው፣ የተከታታይነት ኃላፊዋ ልብስና ፀጉር ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ትዕይንት መጨረሻ ላይ ማን ማንን አኩርፎ እንደቀረ ትጻፍ።

ቅዳሜ ማምሻ ቢደምንስ?

ኅዳር ደረቅ ወር ቢሆንም ያለ ወቅቱ ደመና ይመጣል። ዓርብ ቢደምን ቤት ውስጥ ያሉት ትዕይንት 2 እና 9 ይቀድማሉ፣ ሰማዩ እስኪገለጥ። ቤት ውስጥ የሚቀረጽ ነገር ሁልጊዜ በእጅ ማቆየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቤት ውስጡን ሁሉ መጀመሪያ ጨርሶ ውጩን ለመጨረሻ የሚያቆይ ፕሮግራም አንድ ዝናብ ይጥለዋል።

ቅዳሜ ማምሻ ግን ምትክ የለውም። ልጅቷ፣ እናትየዋ፣ ቤቱና ፀሐይ የሚገናኙት በዚያች 25 ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ውሳኔው 10 ሰዓት ላይ፣ ምዕራቡን ሰማይ አይቶ መሰጠት አለበት፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጊዜ አልፏል። ከደመነ ትዕይንት 13 ከግቢው ወደ ደጃፉ ይዛወራል፤ ውስጥ ያለው የእሳቱ ብርሃን በተከፈተው በር ወጥቶ ሦስቱ ላይ ያርፋል፣ ሰማዩም ከፍሬሙ ይወጣል። ይህን መፈጸም የሚቻለው ትዕይንት 14 ሲያልቅ እሳቱ ሳይጠፋ ከቆየ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሁሉም ምሳ ሲሄድ፣ አንድ ሰው ምድጃው ዳር ይቀራል።